አንድ ሄክታር ፍኖተ ሰላም ላይ፦ አንጻራዊ ብልጫ በስንዴና በአኩሪ አተር ሲሰላ

ደብረ ማርቆስ ላይ ለግብርና ንግድ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር ጽሑፍ

እንደምን ዋላችሁ። በቀጥታ ወደ ጥያቄው ልግባ።

ፍኖተ ሰላም ዙሪያ አራት ቃዳ፣ ማለትም አንድ ሄክታር መሬት አለ እንበል። ስንዴም ያበቅላል፤ አኩሪ አተርም ያበቅላል። ስንዴ አገራችን ለብዙ ዓመታት ከውጭ ስታስገባው የኖረችው እህል ነው። አኩሪ አተር ደግሞ ወደ ውጭ የምትልከው ነው። ይህ መሬት የትኛው ቢዘራበት አገሪቱ ትጠቀማለች? ጥያቄው ክፍል ውስጥ ሲነሳ ግማሹ «ዶላር የሚያመጣው ይዘራ» ይላል፤ ግማሹ «መጀመሪያ ዳቦ» ይላል። ሁለቱም መልሶች ያለ ሂሳብ የተሰጡ ናቸው። ዛሬ ሂሳቡን እስከ መጨረሻው እንሠራዋለን። የምጠቀምባቸው የምርት መጠኖችና ዋጋዎች ለስሌት እንዲመቹ የተያዙ ናቸው፤ የዘንድሮ የገበያ ዋጋ አድርጋችሁ አትጻፏቸው። መንገዱን ከያዛችሁ የዕለቱን ዋጋ ራሳችሁ ታስገባላችሁ።

ከዚያ በፊት መሠረቱን በአጭሩ ላስይዝ። ሁለት ቦታ ውሰዱ፤ ቡሬና ቢቸና። ቡሬ ላይ አንድ ሄክታር 60 ኩንታል በቆሎ ወይም 20 ኩንታል ጤፍ ይሰጣል እንበል። ቢቸና ላይ ደግሞ 30 ኩንታል በቆሎ ወይም 18 ኩንታል ጤፍ። ቡሬ በሁለቱም ትበልጣለች፤ ይህ ፍጹም ብልጫ ይባላል። ታዲያ ቡሬ ሁለቱንም አምርታ ቢቸና ምን ልትሠራ ነው?

የሚጠየቀው ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ኩንታል ጤፍ ለማግኘት ስንት ኩንታል በቆሎ ይቀራል? ቡሬ ላይ 60ን ለ20 ስናካፍል 3 ኩንታል በቆሎ ይቀራል። ቢቸና ላይ 30ን ለ18 ስናካፍል 1.67 ኩንታል ገደማ። ይህ የቀረው ነገር የአማራጭ ዋጋ ይባላል። ጤፍ በቢቸና ርካሽ ነው፤ በሄክታር የሚገኘው ከቡሬ ቢያንስም፣ ለእሱ ሲባል የሚታጣው በቆሎ ትንሽ ስለሆነ። በቆሎ ደግሞ በተገላቢጦሽ በቡሬ ርካሽ ነው።

ትርፉ በእርግጥ መኖሩን ለማየት መሬት እናዘዋውር። ቢቸና አንድ ሄክታር ከበቆሎ ወደ ጤፍ ትቀይር፤ 30 ኩንታል በቆሎ ታጣለች፣ 18 ኩንታል ጤፍ ታገኛለች። ቡሬ 0.8 ሄክታር ከጤፍ ወደ በቆሎ ትቀይር፤ 16 ኩንታል ጤፍ ታጣለች፣ 48 ኩንታል በቆሎ ታገኛለች። ሲደመር 2 ኩንታል ጤፍና 18 ኩንታል በቆሎ ተጨምሯል። አንድ ክንድ መሬት አልተጨመረም፤ አንድ ጥማድ በሬም እንዲሁ። ልውውጡ በ1.67 እና በ3 መካከል ባለ በማንኛውም ምጣኔ ቢካሄድ፣ ለምሳሌ አንድ ኩንታል ጤፍ በ2.2 ኩንታል በቆሎ፣ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል። ከ3 በላይ ከሆነ ቡሬ ጤፏን ራሷ ትዘራለች፤ ከ1.67 በታች ከሆነ ቢቸና በቆሎዋን አትተውም።

ዴቪድ ሪካርዶ በ1817 ያሳየው ይህንኑ ነው። ፖርቱጋል ወይኑን በ80፣ ጨርቁን በ90 ሰው ጉልበት ትሠራለች፤ እንግሊዝ ወይኑን በ120፣ ጨርቁን በ100። ፖርቱጋል በሁለቱም ብትበልጥም ጨርቁን ከእንግሊዝ መግዛት ያዋጣታል። እሱ በሰው ጉልበት ሰፈረ፤ እኛ ዘንድ የሚያጥረው መሬት ስለሆነ በሄክታር እንሰፍራለን። ከዚህ በላይ በሪካርዶ ላይ ጊዜ አናጠፋም። ፈተና ላይ የሚወድቀው ሪካርዶን ያላወቀ አይደለምና፤ የሚቸገረው ትራንስፖርት ወደ ሂሳቡ ሲገባ ነው።

አሁን ወደ ፍኖተ ሰላም። በሄክታር 30 ኩንታል ስንዴ ወይም 20 ኩንታል አኩሪ አተር እንያዝ። የአንድ ኩንታል አኩሪ አተር የአማራጭ ዋጋ 1.5 ኩንታል ስንዴ ነው። የዓለም ገበያ ምን ይላል? ጅቡቲ ወደብ ላይ አንድ ቶን ስንዴ 300 ዶላር፣ አንድ ቶን አኩሪ አተር 500 ዶላር ይሁን። በዚህ ዋጋ አንድ ኩንታል አኩሪ አተር 1.67 ኩንታል ስንዴ ይገዛል። እኛ 1.5 እያጣን 1.67 እናገኛለን ማለት ነው። ከአንዱ ሄክታር ሦስት ቶን ስንዴ 900 ዶላር፣ ሁለት ቶን አኩሪ አተር 1,000 ዶላር ያወጣል። እንግዲያው አኩሪ አተር ዘርተን፣ ሸጠን፣ ስንዴ እንግዛ። ብዙ የቤት ሥራ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ስህተቱም እዚሁ ነው። መሬቱ ያለው ጅቡቲ ሳይሆን ፍኖተ ሰላም ነው።

ዋጋውን ከወደብ እስከ ማሳው ድረስ ይዘነው እንሂድ። ከውጭ የሚገባ ስንዴ ጅቡቲ በ300 ዶላር ይደርሳል። የወደብ አገልግሎት፣ ከረጢት መሙላት፣ ማጓጓዝና ብክነት ተደምሮ 80 ዶላር እንያዝ፤ አዲስ አበባ ሲደርስ 380 ይሆናል። የፍኖተ ሰላም ስንዴ አዲስ አበባ ገበያ ላይ ከዚህ ስንዴ ጋር ነው የሚፎካከረው፤ ስለዚህ እዚያ 380 ያወጣል። ነገር ግን ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ ለመድረስ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ በቶን 40 ዶላር ይከፍላል። ከማሳው ላይ ያለው ዋጋ 340 ነው፤ በኩንታል 34 ዶላር። ይህ የገቢ እኩያ ዋጋ ይባላል።

የአኩሪ አተሩ ጉዞ ተቃራኒ ነው። ጅቡቲ ላይ 500 ቢያወጣም እዚያ እስኪደርስ ያለው ወጪ በሙሉ ይቀነሳል። ማጓጓዣው ራሱ ብዙ ጊዜ ከገቢው ይረክሳል፤ ማዳበሪያና ሌላ ዕቃ ሊያመጣ ወደ ወደብ የሚወርደው መኪና ባዶውን ከሚሄድ በቅናሽ ይጭናልና። ግን ማበጠሪያው አለ፤ በማበጠር የሚወጣው አፈርና እንክርዳድ የክብደት ቅናሽ አለ፤ ከረጢት፣ የተባይ መከላከያ ጭስ፣ የጥራት ምርመራና የባንክ ወጪ አለ። ሁሉንም 100 ዶላር እንበለው። አዲስ አበባ ላይ 400፣ ከፍኖተ ሰላም ማጓጓዣው 40 ሲቀነስ 360። በኩንታል 36 ዶላር። ይህ የወጪ እኩያ ዋጋ ነው።

አሁን አወዳድሩ። ማሳው ላይ ሠላሳ ኩንታል ስንዴ በ34 ዶላር 1,020 ያወጣል። ሃያ ኩንታል አኩሪ አተር በ36 ዶላር 720። ወደብ ላይ ያሸነፈው አኩሪ አተር ማሳው ላይ ተሸነፈ። የዓለም ዋጋ አልተቀየረም፤ ምርቱም ያው ነው። የተቀየረው ዋጋውን የያዝንበት ቦታ ብቻ ነው። ለሚገባው እህል መንገዱ ከአገር ውስጥ አምራች ጎን የቆመ አጥር ነው፤ ለሚወጣው እህል ግን ቀረጥ ነው። ከወደብ በራቃችሁ ቁጥር አጥሩም ቀረጡም ይጨምራል። በነገራችን ላይ፣ ብዙ የውጭ መማሪያ መጻሕፍት ይህን በአንድ አንቀጽ የሚያልፉት የሚጻፉት ወደብ ባላቸው አገሮች ስለሆነ ይመስለኛል።

ገና አልጨረስንም። ስንዴው አዲስ አበባ ካልሄደስ? ባሕር ዳር ቢሸጥ ሂሳቡ ሌላ ነው። ከውጭ የገባው ስንዴ ባሕር ዳር ለመድረስ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ፍኖተ ሰላምን አልፎ መሄድ አለበት። እስከ ፍኖተ ሰላም 40፣ ከዚያ እስከ ባሕር ዳር 18 ዶላር ይሁን። ባሕር ዳር ላይ ዋጋው 438 ይሆናል። የፍኖተ ሰላሙ ስንዴ ግን 18 ብቻ ከፍሎ ይደርሳል፤ ስለዚህ ማሳው ላይ 420፣ በኩንታል 42 ዶላር ያወጣል። በሌላ በኩል ያው ስንዴ ወደ ውጭ ይላክ ብንል፣ ጅቡቲ ላይ 300 አግኝቶ እንኳ የመላኪያው 100 እና የአገር ውስጡ 40 ሲቀነስ ማሳው ላይ 160 ይቀራል፤ በኩንታል 16 ዶላር። አንድ ስንዴ፣ አንድ ማሳ፣ ሦስት ዋጋ፦ 42፣ 34፣ 16።

በ2015 ዓ.ም. አገራችን ስንዴ ወደ ውጭ መላክ እንደጀመረች ሲበሰር በየመድረኩ የተነሳው ክርክር «ስንዴ ያዋጣናል ወይስ አያዋጣንም?» በሚል ነበር። እንደዚያ ከተጠየቀ መልስ የለውም። ወደ ባሕር ዳር ያዋጣል ወይ፣ ወደ አዲስ አበባ ያዋጣል ወይ፣ ወደ ጅቡቲ ያዋጣል ወይ ተብሎ ነው የሚጠየቀው። አንድ አገር የስንዴ ፍላጎቷን እስክትሸፍን ድረስ በስንዴ ብልጫ ኖሯት፣ ከዚያ ላለፈው ትርፍ ኩንታል ግን ብልጫው ሊጠፋ ይችላል።

እስካሁን ያየነው ጠቅላላ ገቢውን ብቻ ነው። ስንዴ ግን ብዙ ማዳበሪያ ይበላል፤ ማዳበሪያው ደግሞ በሙሉ ከውጭ በዶላር የሚመጣ ነው። ስለዚህ ወጪውን ለሁለት እንከፍለዋለን። አንደኛው ከውጭ የሚመጣ ወይም በዓለም ገበያ ዋጋ ያለው ነገር፦ ማዳበሪያ፣ የዋግ መድኃኒት፣ ፀረ አረም። ሁለተኛው የአገር ውስጥ ሀብት፦ የሰው ጉልበት፣ በሬ፣ መሬት። የምንጠይቀው ጥያቄ ቀላል ነው፤ አንድ ዶላር ለማትረፍ ወይም ለማዳን ስንት ብር የሚያወጣ የአገር ውስጥ ሀብት እናፈሳለን? መልሱ የአገር ውስጥ ሀብት ወጪ ይባላል። ከምንዛሪው በታች ከሆነ ብልጫ አለን፤ ከበላይ ከሆነ ዶላሩን በውድ እየገዛነው ነው። ለስሌታችን አንድ ዶላር 150 ብር ይሁን።

ስንዴው ኤንፒኤስና ዩሪያ ተደምሮ ሦስት ኩንታል ማዳበሪያ ይፈልጋል፤ ማሳ ድረስ ኩንታሉ በ70 ዶላር 210። የቢጫ ዋግ መድኃኒትና ፀረ አረም 40 እንጨምር፤ 250 ዶላር። አዲስ አበባ ከሚሸጠው 1,020 ላይ ሲቀነስ 770 ዶላር ይቀራል። ጉልበቱ 100 የሥራ ቀን በ300 ብር 30,000፤ የጥማድ በሬ 15 ቀን በ800 ብር 12,000፤ መሬቱ 30,000። ድምሩ 72,000 ብር። ለ770 ሲካፈል በአንድ ዶላር 93 ብር ከሃምሳ ገደማ ይሆናል።

አኩሪ አተሩ አንድ ኩንታል ማዳበሪያ በ70 ዶላር ይወስዳል፤ ለዘሩ የሚለወሰው ሕያው ማዳበሪያና ሌላው 10 ዶላር። ከ720 ላይ 80 ሲቀነስ 640 ይቀራል። እርሻው አነስ ይላል፤ ጉልበቱ 70 ቀን 21,000፣ በሬው 10 ቀን 8,000፣ መሬቱ ያው 30,000፤ ድምሩ 59,000 ብር። በአንድ ዶላር 92 ብር። ስንዴው በጠቅላላ ገቢ በ300 ዶላር በልጦ ነበር፤ አሁን እኩል ለእኩል ሆኑ። በዚያ ላይ አኩሪ አተር ሥሩ ላይ ባሉት እንክብሎች አማካይነት ናይትሮጅን ከአየር ስለሚይዝ፣ በቀጣዩ ዓመት የሚዘራው በቆሎ ዩሪያ ይቆጥባል። ግማሽ ኩንታል ቢቆጥብ 35 ዶላር ነው። ይህንን ስንጨምር 675 ይሆንና ወደ 87 ብር ይወርዳል። አዲስ አበባ ለሚሸጥ ስንዴ ከሆነ አኩሪ አተር በጥቂቱ ይሻላል። ስንዴው ባሕር ዳር ከተሸጠ ግን በ42 ሂሳብ 1,260 ያወጣል፤ 250 ሲቀነስ 1,010፤ 72,000 ለ1,010 ሲካፈል 71 ብር። ስንዴ በግልጽ ያሸንፋል። ወደ ውጭ ከተላከስ? 480 ዶላር ያወጣል፤ 250 ሲቀነስ 230 ይቀራል፤ ለአንድ ዶላር 313 ብር እናወጣለን። 150 ብር የሚያወጣን ዶላር በ313 ብር መግዛት ማለት ነው።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ ምርቱ የት እንደሚሸጥ፣ ቀጥሎ በዚያ ገበያ የውጭው ዕቃ ስንት እንደሚያወጣ፣ ከዚያ ወደ ማሳ የሚመልሰው ወጪ፣ በመጨረሻ የዶላሩና የብሩ ወጪ መለያየት። ከመጨረሻው የሚጀምር ተማሪ መሃል መንገድ ላይ ይጠፋል።

አሁን ሂሳቡ የሚበላሽባቸውን ቦታዎች ላሳያችሁ። ብዙ ናቸው፤ በብዛት የማያቸውን ሁለቱን ብቻ ነው የማነሳው።

የመጀመሪያው ምርታማነቱ ነው። በሄክታር 20 ኩንታል አኩሪ አተር ከየት አመጣን? ብዙ ጥናት ላይ ቁጥሩ የሚመጣው ከምርምር ማዕከል ወይም ከሠርቶ ማሳያ ማሳ ነው። እዚያ ዘሩ በወቅቱ ተዘርቷል፣ በመስመር ነው፣ አረሙ በጊዜው ተነቅሏል፣ ሕያው ማዳበሪያው በቀዝቃዛ ቦታ ተቀምጦ ጥላ ሥር ተለውሶ በዚያው ቀን አፈር ውስጥ ገብቷል። ገበሬው ዘንድ ከረጢቱ ፀሐይ ላይ ቆይቶ ባክቴሪያው ሞቶ ሊደርስ ይችላል። በአበባ ወቅት ተክሉን ቀስ ብላችሁ ከሥሩ ቆፍራችሁ አውጡ፤ እንክብሉን ለሁለት ስትከፍሉት ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ እየሠራ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ ወይም ጭራሽ እንክብል ከሌለ፣ ናይትሮጅን አልያዘም። ያኔ የ35 ዶላሩ ቁጠባ የለም፤ 20 ኩንታሉም አይገኝም። የጎጃም ቀይ አፈር ደግሞ በብዙ ቦታ፣ በተለይ አዊ አካባቢ፣ አሲዳማ ነው። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲሆን አሉሚኒየም ይለቀቅና ሥሩን ያቀጭጫል፤ ፎስፈረሱም ታስሮ ይቀራል። ኖራ ሳይጨመር የሚደፋ ማዳበሪያ አብዛኛው ባክኖ ይቀራል። ኖራ ከተጨመረ ደግሞ የኖራው ዋጋና ማጓጓዣው ወደ ሂሳቡ መግባት አለበት፤ በሄክታር የሚያስፈልገው በቶን የሚቆጠር ስለሆነ ማጓጓዣው ቀላል አይደለም።

ምርቱ 15 ኩንታል ቢሆን ምን ይፈጠራል? 540 ዶላር ያወጣል፤ 80 ሲቀነስና 35 ሲጨመር 495። 59,000 ለ495 ሲካፈል 119 ብር። አሁንም ከ150 በታች ነው፤ ግን ከስንዴው ተበልጧል። 12 ኩንታል ከሆነ 387 ዶላር ይቀራል፤ 152 ብር። መስመሩን አለፈ። የፍኖተ ሰላም አኩሪ አተር በዚህ ዋጋ ብልጫ የሚኖረው ከ12 ኩንታል በላይ ከተገኘ ብቻ ነው ማለት ነው። የቤት ሥራችሁ ውስጥ «ብልጫ አለን» ብላችሁ ከመጻፍ ይልቅ ይህንን የመሸጋገሪያ ቁጥር ብታስቀምጡ የወረዳ ግብርና ባለሙያው የሚጠቀምበት ነገር ይሆናል። እሱ ምርቱን ያውቃል፤ ዋጋውን ደግሞ እናንተ ነግራችሁታል።

ጉልበቱም ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በወንፈል የተሠራ ሥራ ገንዘብ ስላልተከፈለበት ዜሮ አይደለም። ያ ሰው በዚያ ሳምንት ሌላ ምን ይሠራ ነበር? አረም የሚታረምበት ወር ከሆነ ጉልበቱ ውድ ነው፤ በጥር ከሆነ ርካሽ። በሁለቱም ወቅት አንድ ዓይነት 300 ብር መያዝ ለማስተማር ይመቻል እንጂ ለውሳኔ አይሆንም።

ሁለተኛው ብልሽት የአገር ውስጥ ዋጋው ራሱ ነው፤ ይኼ የኛ አገር ልዩ ታሪክ ስላለው በደንብ ልቆይበት። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ፣ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት፣ የባንኩና የጥቁር ገበያው ዋጋ እጅግ የተራራቁ ነበሩ። ያኔ አንድ ቶን አኩሪ አተር 500 ዶላር ቢሸጥ በባንክ ምንዛሪ፣ በ57 ብር፣ 28,500 ብር ነው የሚሆነው። ነገር ግን ላኪው ያንኑ ቶን አዲስ አበባ ላይ በ35,000 ብር ገዝቶት ሊሆን ይችላል፤ ማበጠሩና ማጓጓዙ ገና ሳይጨመር። በቶን ከ6,500 ብር በላይ ከስሮ ለምን ይልካል? ከሚያገኘው ዶላር ለራሱ የሚቀርለትን ድርሻ ይዞ መኪና፣ ብረት ወይም የቤት ዕቃ ያስገባበታል፤ ዕቃውን በጥቁር ገበያው ምንዛሪ ልክ ይሸጠውና በእህሉ የጠፋውን አካክሶ ያተርፋል። ለእሱ እህሉ ዶላር ማግኛ ትኬት ነው። ሰሊጥም፣ ቦሎቄም፣ ቡናም በዚህ መንገድ አልፈዋል።

ይህ ለስሌታችን ምን ማለት ነው? ያን ጊዜ የገበያውን ዋጋ አይቶ «አኩሪ አተር ከፍተኛ ብልጫ አለው» ያለ ሰው የለካው የዶላር እጥረቱን ነው። ላኪው ከዓለም ዋጋ በላይ እየከፈለ ሲገዛ፣ በሐቀኛ ሂሳብ የሚገዛ የአገር ውስጥ ዘይት ጨማቂ ጥሬ ዕቃ አያገኝም። ምልክቱን ማየት ቀላል ነው። የአዲስ አበባን ዋጋ ውሰዱ፤ የመላኪያ ወጪውን ጨምሩበት፤ በባንክ ምንዛሪ ወደ ዶላር መንዝሩት፤ ከጅቡቲው ዋጋ ጋር አስተያዩት። ከበለጠ ላኪው ትርፉን ከሌላ ቦታ ነው የሚያገኘው፤ ያንን ዋጋ ለብልጫ ስሌት አትጠቀሙበት። የድሮ መረጃ ይዛችሁ የመመረቂያ ጽሑፍ የምትሠሩ ከሆነ ከሐምሌ 2016 በፊትና በኋላ ያለውን አንድ ላይ አትደምሩ።

የመንግሥት እገዳም ዋጋውን ይሰብራል፤ ጤፍ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጥሬው ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይላክ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ስለታገደ፣ ለቢቸና ጤፍ የወጪ እኩያ ዋጋ ብታሰሉ የምታገኙት ገበሬው የማያየውን ዋጋ ነው። ስሌቱ ግን ከንቱ አይደለም፤ እገዳው ስንት እንደሚያስከፍል የሚያሳየው እሱው ነው።

አንድ የመጨረሻ ጉዳይ ይቀረኛል፤ ተማሪ ሁሉ የሚጠይቀው ስለሆነ። አኩሪ አተር ጥሬውን እየላክን የፓልም ዘይት ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ እናስገባለን፤ ይኼ ሞኝነት አይደለም ወይ? በስሜት ሲታይ ነው። በሂሳብ እንየው።

ከሄክታሩ የተገኘው ሁለት ቶን አኩሪ አተር የዘይት ይዘቱ 18 በመቶ ገደማ ነው፤ በዘመናዊ ፋብሪካ ቢጨመቅ 0.36 ቶን ዘይትና 1.56 ቶን ያህል ፋጉሎ ይወጣዋል፤ የቀረው ብክነት ነው። የፓልም ዛፍ በደህና እርሻ ላይ ከአንድ ሄክታር ሦስትና አራት ቶን ዘይት ይሰጣል። በዘይት ብቻ ከእሱ ጋር መወዳደር አይታሰብም። የአኩሪ አተር ዋናው ምርቱ ፋጉሎው ነው፤ ዘይቱ ተከትሎ የሚመጣ ነው።

አዲስ አበባ ላይ እናስላ። ጥሬውን ለላኪ ብንሸጠው ሁለት ቶን በ400 ዶላር 800 ይሆናል። ብንጨምቀው ዘይቱ ከውጭ ከሚገባው ዘይት ጋር ይፎካከራል፤ ጅቡቲ 1,000 ዶላር፣ አዲስ አበባ 1,100 ይሁን። 0.36 ቶኑ 396 ዶላር ነው። ፋጉሎውን የአገር ውስጥ ዶሮ አርቢ ከፈለገውና ከውጭ ከሚያስገባው ጋር የሚወዳደር ከሆነ፣ ጅቡቲ በ400፣ አዲስ አበባ በ480፣ 1.56 ቶኑ 749 ዶላር ያወጣል። ድምሩ 1,145፤ ከጥሬው በ345 ይበልጣል። መጭመቂያው በቶን 50 ዶላር ቢፈጅ ለሁለቱ ቶን 100 ነው። ስለዚህ መጭመቁ በደንብ ያዋጣል።

ፈላጊ ጠፍቶ ፋጉሎው ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ ግን ከ400 ላይ 100 ይቀነስና 300 ያወጣል፤ 1.56 ቶኑ 468 ዶላር። ከዘይቱ ጋር 864። ከጥሬው የሚበልጠው በ64 ብቻ ነው፤ የመጭመቂያውን 100 ዶላር አይሸፍንም። ያኔ ጥሬውን መላክና ዘይት ማስገባት ትክክለኛው ምርጫ ነው፤ ሞኝነት የሚመስለው ነገር ስሌት ይሆናል። ትንሹ የመጭመቂያ ማሽን ከሆነ ደግሞ ዘይቱ ብዙው ፋጉሎው ውስጥ ስለሚቀር ሂሳቡ ከዚህም ይጠባል። ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን የዘይት ይዘቱ ከአኩሪ አተር በእጅጉ የሚበልጠው የጎጃም ኑግ ይሻላል።

ስለዚህ ቡሬ አካባቢ ለሚጨመቅ አኩሪ አተር ወሳኙ ገበያ ቢሾፍቱ ዙሪያ ያሉት የዶሮ እርባታዎች ናቸው። ጎጃም ውስጥ ራሱ የዶሮና የወተት ላም መኖ ፍላጎት ካደገ ፋጉሎው የዓባይን በረሃ መሻገሩ ይቀርና የማሳው ዋጋ፣ ቅድም ስንዴው ወደ ባሕር ዳር ሲዞር እንዳየነው፣ ከፍ ይላል። ለሚቀጥለው ሳምንት ይህንኑ ስሌት በኑግ ሥሩልኝ። ምርቱን በሄክታር 8 ኩንታል ያዙ፤ ዘይቱን 35 በመቶ። የኑግ ፋጉሎ ዋጋውን ግን ከመጽሐፍ አትፈልጉ፤ ደብረ ማርቆስ ገበያ ሄዳችሁ ከከብት አድላቢዎች ጠይቁ። ስትጠይቁም በጥቅምትና በግንቦት ያለውን ለየብቻ ጻፉ፤ ሣር በሚያልቅበት ወር ዋጋው ሌላ ነው።